ሳቁን ያስቀረሁበት ትርጉም

ከሚሴ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። በሥራዬ ኩራተኛ ነኝ፤ ግትር የሚሉኝም አሉ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም ምያለሁና፣ ሰው ቃል ሲያዛንፍ ደሜ ይፈላል። አንድ ፋይል ያበላሸብኝም ይኸው ግትርነቴ ነው።

አንድ ወጣት ጓደኛህን ገድለሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ በሰነበተበት ጊዜ ጓደኛው ወንዙ ዳር ሞቶ ተገኘ። በዋዜማው በስልክ የተጻጻፉት ታትሞ መጣልኝ፤ ልጁ ዋስትና ተከልክሎ ስለነበር ይግባኙ ደሴ በአማርኛ ሊታይ ነው። ልጁ ለሟቹ የላከው የመጨረሻ መልእክት «ቦሩ ኮቱ፣ ቢየ ኛዹ» ይላል፤ ከሥሩ እንባ እስኪወጣቸው የሚስቁ ሦስት ፊቶች አሉ። «ነገ ና፣ አፈር ብላ» ብዬ ገለበጥኩት። ፊቶቹን ተውኳቸው፤ ፊት ቃል አይደለም ብዬ። በአማርኛ ግን አፈር ብላ እርግማን ነው። የደሴው ፍርድ ቤትም ዋስትናውን ከለከለው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህች መስመር ነበረች።

ከሳምንታት በኋላ የሟቹ እናት ቢሮዬ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ያን ወረቀት የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ያን አባባል ያስለመድኳቸው እኮ እኔ ነኝ። ሁለቱም አንድ ትሪ ላይ በልተው ነው ያደጉት። አልበላም ሲሉኝ ‹አፈር ስሆን ብሉ› እላቸው ነበር። እነዚህ ቀልደኞች በእኔ ሊያሾፉ ወደ ኦሮምኛ ገለበጡት፤ አሳጠሩትም። ምሳ አብረን እንብላ ማለቱ ነው። ወላሂ፣ ልጄን የነጠቀኝ ውሃው ነው። ይኸኛውን ደግሞ አንተ አትንጠቀኝ።»

አፈርኩ። አላወቅሁም ነበር ብዬ እንኳ ማምለጥ አልቻልኩም፤ የቀልዱን ምንጭ ባላውቅም መልእክቱን መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በቀልድ እየተነካኩ መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ፈገግታዬን ሰብስቤ ቃሉን ብቻ ጻፍኩ።

በዚያው ቀን ማስተካከያ አስገባሁ፤ አባባሉ በሁለቱ መካከል የምግብ ግብዣ መሆኑን፣ የሳቅ ምልክት ያለበት መሆኑንም ጻፍኩ። እናትየዋ ቀርበው መሰከሩ። የሐኪም ማስረጃም ሟቹ ሰጥሞ መሞቱን አሳየ። ልጁ ተለቀቀ፤ ግን አምስት ወር ታስሮ ነበር፤ የጓደኛው ቀብር ላይም አልቆመም።

አንድ የገበያ ቀን ሰንበቴ ከተማ አገኘሁትና አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ከስቷል። ረጋ ብሎ መለሰልኝ።

«ቃሉን እኮ አላዛቡትም። ግን እስር ቤት የርስዎን አማርኛ ደጋግሜ አነበብኩት። አሁን ጓደኛዬን ሳስብ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ አማርኛ ነው። ስቄ ጽፌው እንደነበር ራሴም መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»