የልብስ ሰፊዋ አራት ልጆች

ሰፈሩ እንደሚለው ልብስ ሰፊዋ አራት ልጆች ደብቃለች። በልጆቹ ስም ግብር ቢሮው ጠቀም ያለ ገንዘብ መልሶላታል፤ እሷም "አላካፍልም" ብላ ወንድሟን ከሳዋለች። ካፌው ውስጥ ወሬው ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ስድስት ሆኑ፤ ሒሳብ ሲከፈል አንዱ አብራሪ ነበር።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ሱቋ ከቁም ሣጥን እምብዛም አይሰፋም፤ ደንበኛ ሲለካ እጆቹን የሚዘረጋው በየተራ ነው። አራት ልጅ ይቅርና አራት ጥቅል ክር መደበቂያ የላትም።

የሆነው እንዲህ ነው። የዓመቱን ግብር በኢንተርኔት ልታስታውቅ ስትል፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯ ቀደም ብሎ የግብር ማስታወቂያ ገብቷል የሚል መልስ መጣባት። ደገመችው፤ ያው ነው። መታወቂያዋን ይዛ ግብር ቢሮ ሄደች።

"ስንት ልጆች ያስተዳድራሉ?" አለ ሠራተኛው።

"አንድም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የኔ ጌታ፣ ልጅ ይረሳል እንዴ?"

"እዚህ አራት ተመዝግበዋል። በእነሱ ምክንያት ተመላሽ ገንዘብ ተጠይቋል። ገና አልተከፈለም፤ አሁን እናግደዋለን።"

ልጅ በማጣት ትዳሯ የፈረሰ ሴት ናት። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሳታምጥ አራት ወለደች።

"የመታወቂያዎን ቅጂና መለያ ቁጥርዎን ለሰው ሰጥተዋል?"

አምና ታናሽ ወንድሟ "ዋስ ሁኚኝ" ብሎ ሁለቱንም ወስዷል። የእሱ ልጆች ደግሞ አራት ናቸው፤ ዩኒፎርማቸውን በየዓመቱ በነጻ የምትሰፋው እሷ ናት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለችለት።

"አንተ ነህ?"

"እታለም፣ ልጆቼ ልጆችሽ አይደሉም እንዴ? ምን ጎደለብሽ? ዝም በይው!"

ሲያባብላት የኖረው በዚሁ ቃል ነበር። ስልኩን ዘጋችው።

"ስሙን ብጽፍ ይታሰራል?" አለች ተመልሳ።

"ማንንም ጥፋተኛ አላልንም። የሚያውቁትን ይጻፉ፤ የሚያጣራው ምርመራ ክፍል ነው። የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ። የራስዎን ማስታወቂያ ደግሞ በወረቀት ያስገቡ።"

"ተሰርቄም?"

"ተሰርቀውም። ግዴታው አይቀርልዎትም።"

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያስገባችው እሷ እንዳልሆነች፣ ቅጂው ማን እጅ እንደነበረና ስልክ ላይ ምን እንደተባለች ጽፋ ፈረመች። የአቤቱታ ቁጥር ሰጧት፤ ማጣራቱ ወራት ይፈጃል ተባለች። ዘንድሮ ከወንድሟ ልጆች ዩኒፎርም የሚያስለካ አልመጣም። እናታቸውም መንገድ ላይ ስታገኛት ፊቷን አዞረችባት።

አንድ ቀን ካፌው ስትገባ ፀጉር አስተካካዩ አላስቻለውም።

"እትዬ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

ስኒውን በማንኪያ የሚያማስል ጠፋ።

"ልጅ የለኝም፤ የተጻፉት የወንድሜ ናቸው። ሳንቲም አልተመለሰልኝም፤ የምንካፈለው ነገር ኖሮ አልተጣላንም። በስሜ የግብር ማስታወቂያ አስገባ፤ እኔ አይደለሁም ብዬ አመለከትኩ። ነገም ቢጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምጽፈው።"