በሁዳዴ ያልዋጥኩት ክኒን

ፒያሳ፣ ወርቅ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስል ወርቅ በምናጸዳበት አሲድ ጭስ አሳበብኩ፤ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ ደግሞ በብርድ ልብሱ። እሪ በከንቱ ሰፈር በአንዲት ክፍል የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። በመጨረሻ እሷው እንደ ሕፃን እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሲስተሯ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጥታ ወደ ግቢው አወጣችኝ። ስመልስላት በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

«ይሄ ምራቅ ነው፣ ወንድሜ። እኛ የምንፈልገው አክታ ነው። ትንፋሽህን በደንብ ስበህ ያዝ፣ ከዚያ ከደረትህ ስለህ አውጣው።»

በማግስቱ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ተነገረኝ። ምንም አልተሰማኝም። የሌላ ሰው ወረቀት የሚያነቡልኝ መሰለኝ።

ሁለት ወር በየጠዋቱ እየሄድኩ ክኒኑን ሲስተሯ ፊት ዋጥኩ። ከመድኃኒቱ የተነሣ ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ፣ ሳሉ ጠፋ፣ ሱሪዬ ጠበበኝ። ድጋሚ የሰጠሁት አክታም ንጹሕ ሆነ።

«ሰው የሚያቋርጠው አሁን ነው፤ ደህና ስለሆነ» አለችኝ። «የተረፉት ጀርሞች ግን አልሞቱም። እያቆራረጥክ ከወሰድክ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ገና አራት ወር ይቀርሃል።»

ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ክኒን ቤት ወስጄ፣ እናቴ እያየችኝ እንድውጥ ተስማማን።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ክኒኑን በውሃ ብውጥ ጾሜን የምገድፍ መስሎኝ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። በዘጠኝ ሰዓት ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ እረሳለሁ። አንድ ቀን ውጬ ሁለት ቀን ዘለልኩ። ክኒኑ ሣጥን ውስጥ ተከማቸ። ማታ እናቴ «ዋጥክ?» ስትለኝ «አዎ፣ እማዬ» እላለሁ። ውሸቱ ጾም እንደሚያፈርስ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። እንዲህ ዓይነት ጿሚ ነበርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሳሉ ተመለሰ። የአክታ ምርመራው ጀርሙ ዋናውን መድኃኒት እንደተላመደ አሳየ። ሌላ ሕክምና፣ ሌላ ክኒን፣ እንደ አዲስ ከአንድ መቁጠር።

የንስሐ አባቴን የጠየቅኳቸው ያኔ ነው።

«ለታመመ ሰው መድኃኒት ማን ከለከለ፣ ልጄ? ምነው ቀድመህ በጠየቅከኝ» አሉ።  

ሲስተሯ አብሮኝ የሚኖር ሰው ይመርመር አለች። እናቴ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን ነው እያለች ስትስል ኖራለች። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ እኔ ማስክ አድርጌ አጠገቧ ቆሜ፣ የተሰጣትን ዕቃ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ትንፋሽሽን በደንብ ስበሽ ያዢ፣ እማዬ። ከዚያ ከደረትሽ ስለሽ አውጪው።»

ሳለች። ዕቃውን ተቀብያት ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ምራቅ አልነበረም።