ሰአዳ ሁለቱን ውል ያስተያየችበት ወረቀት

ሰአዳ ከወሎ ተነስታ ጋምቤላ ስትገባ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ሙሄ ያኔ የሰው መኪና የሚነዳ ሹፌር ነበር። ዛሬ ኒውላንድ በሚባለው የጋምቤላ ከተማ ሰፈር የጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ እሱ ደግሞ በብዙ ልፋት የገዛውን ያረጀ ኢሱዙ እየነዳ ወደ ጀዊና ወደ ኢታንግ ጭነት ያመላልሳል። ሦስት ልጆች አሏቸው።

ሰአዳ የተማረችው እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ወረቀት ሳታነብ አትፈርምም። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ዕቃ አከፋፋይ ደረሰኝ ሲሰጣት እንኳ ከላይ እስከ ታች ሳትጨርስ እጇን አታነሳም።

ስለ መድን ማሰብ የጀመረችው የሙሄ ታናሽ ወንድም ፈይሰል በመኪና አደጋ በሞተ ጊዜ ነው። ዕድሩ የሰጠው ገንዘብ ሐዘኑ ሳያልቅ አለቀ። የፈይሰል ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ሰአዳ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ሸኘቻት። ያን ቀን ማታ ሙሄን፣

«አንተም በዚያው መንገድ ነው የምትሄደው» አለችው።

«አላህ ይጠብቀኝ እንጂ ምን ላድርግ?»

«እሱማ ይጠብቅህ። እኛም የድርሻችንን እናድርግ።»

ሙሄ የፈራው መድኑ ወለድ እንዳይኖርበት ነበር። ይህ ግን ቶሎ ተፈታ፤ ከወለድ ነፃ የሆነ፣ አባላቱ ለመረዳዳት በጋራ የሚያዋጡበት ታካፉል የሚባል አገልግሎት እንዳለ አንድ ጎረቤት ነገራቸው። በሳምንቱ ወንዳፍራሽ የሚባል የመድን ሽያጭ ወኪል ከሱቋ በር ደረሰ። ጨዋ፣ ተናጋሪ፣ ሸሚዙ በላብ የተጣበቀ ሰው ነበር። ሁለት ውል ይዞ መጥቷል።

«ወይዘሮ ሰአዳ፣ ለርስዎ የሚሆነው ይኼኛው ነው» አለና አንዱን ወደ ፊት ገፋው። «ቁጠባም አለው። በዓመት አስራ ስምንት ሺህ ብር፣ ለአስር ዓመት። ባለቤትዎ በመሃል ቢያርፉ ሁለት መቶ ሺህ ይከፈላል። በሕይወት ካሉ ደግሞ በአስረኛው ዓመት የተጠራቀመው ከነትርፉ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ይሆናል። ምንም አይባክንም!»

«ያኛውስ?»

«ያ እንኳ... በዓመት አራት ሺህ ስምንት መቶ ነው። ቢሞቱ አምስት መቶ ሺህ። አደጋ አካላቸውን በቋሚነት ቢጎዳ ከአምስት መቶ ሺው ላይ በጉዳቱ መጠን በመቶኛ ይታሰባል። ለአደጋ ሕክምናም በደረሰኝ እስከ አርባ ሺህ ይከፍላል። ግን ምንም ካልደረሰ የሚመለስ ብር የለም። ውሃ በላው ማለት ነው።»

ሰአዳ ሁለቱንም ተቀብላ፣ «ሐሙስ ተመለስ» አለችው።

ከሐሙስ በፊት ባለው ቀን ረፋድ ላይ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ባንኮኒው ላይ ወረቀት ዘረጋች። ባለ ቁጠባው በአስር ዓመት መቶ ሰማንያ ሺህ ይወስዳል፤ ሁለተኛው አርባ ስምንት ሺህ። ልዩነቱ መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ነው። ይህን ራሷ ብታስቀምጠው እንኳ፣ ክፉ ነገር ካልመጣ፣ ባለ ቁጠባው ሳይበልጥ አይቀርም። ይህን ሳትሸሽግ ጻፈችው። ከሥሩ ደግሞ ሌላውን ጻፈች፦ ክፉ ቀን ከመጣ ሁለተኛው ከሩብ ብዙም ባልራቀ ክፍያ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል። ሙሄ ሳይሞት ቢጎዳ ደግሞ የመጀመሪያው ምንም የለውም።

ሐሙስ ወንዳፍራሽ ሲመጣ ጥያቄዎቿን ተራ በተራ አወጣች።

«ይኼ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ የተገባ ቃል ነው ወይስ ግምት?»

ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግምት ነው። እንደ ትርፉ ነው።»

«በሁለተኛው ዓመት መክፈል ቢያቅተንስ? ክረምት መንገድ ሲበላሽ መኪናው አንድ ወር ይቆማል።»

«ሦስት ዓመት ሳይሞላ ካቋረጡ... የሚመለሰው በጣም ትንሽ ነው። ምናልባትም ምንም።»

«አንተስ በየትኛው የበለጠ ኮሚሽን ታገኛለህ?»

አጠገቧ የተቀመጠው ሙሄ አፍሮ አቀረቀረ። ወንዳፍራሽ ግን ሳቀ። «በመጀመሪያው። አልዋሽዎትም።»

«እንግዲህ የምገዛው ክፉ ቀን ቢመጣ ብዬ ነው። መልካሙን ቀን እኔው እነግድበታለሁ» አለችና ሁለተኛውን ሳበች። ከመፈረሟ በፊት ግን ጣቷን በትንሽ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ላይ አሳረፈች። በአደጋው ጊዜ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ያልታደሰ ከሆነ ክፍያ የለም ይላል።

«ሙሄ፣ ያንተ መች ነው የሚያልቀው?»

ሙሄ ከኪሱ አውጥቶ አየ፤ ካለቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል። «ማን ያየዋል ብለሽ ነው!» ቢልም ሰአዳ ብዕሩን አስቀመጠች። መንጃ ፈቃዱ ታድሶ እስኪመጣ አልፈረመችም።

አደጋው የደረሰው በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ሙሄ ከጀዊ ሲመለስ መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ። የሙሄ ግራ እጅ በበሩና በግንዱ መሃል ተቀረቀረ። ሐኪሞቹ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ማትረፍ አልቻሉም። ሰአዳ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ለወንዳፍራሽ ደወለች።

እሱም የሚያስፈልገውን ነገራት፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የሕክምና ደረሰኝ፣ የመንጃ ፈቃዱ ቅጂ። ሁሉንም በአንድ ላስቲክ አስራ አስገባች። ሕክምናው አርባ ስድስት ሺህ ብር ፈጅቶ ነበር፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ስድስት ሺህ ራሳቸው ቻሉት። የውሉ ሠንጠረዥ ለአውራ ጣት ሃያ አምስት፣ ለሌባ ጣት አስር በመቶ ይላል። በሁለተኛው ወር መቶ ሰባ አምስት ሺህ ብር በሙሄ ሂሳብ ገባ።

ሙሄ መልእክቱን ስልኩ ላይ ደጋግሞ አነበበው። «ባለ ቁጠባውን ብንይዝ ኖሮ?»

«ይሄኔ የሁለተኛውን ዓመት አስራ ስምንት ሺህ ክፈሉ ይሉን ነበር» አለች።

የመኪናው መድን በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት ብቻ የሚሸፍን ስለነበር ኢሱዙውን በራሳቸው ብር አሠሩት። ለዚህ ከተከፈላቸው ገሚሱ ወጣ። ከባድ መኪና መንዳት ለሙሄ ስለማይሆን፣ ኦቻን የሚባል የረጋ ሹፌር ቀጠሩ። ሙሄ ጭነት ማፈላለጉንና ከነጋዴ ጋር መደራደሩን ያዘ፤ መጀመሪያ ላይ እጁን በጋቢው ይሸፍን ነበር፣ እየቆየ ተወው። ትልቋ ልጃቸው ሁዳ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦቻን ሱቅ መጣ። በእጁ የመድን ወረቀት ይዟል።

«ሰአዳ እህቴ፣ እኔ አማርኛ ማንበብ ትንሽ ነው። አንቺ የያዝሽው ጥሩ ነው አይደል? እኔም እሱን ልያዝ?»

ሰአዳ ወንበር ሳበችለት። «ያንተ ቤት የኔ ቤት አይደለም። ስንት ልጅ አለህ? ሚስትህ ሥራ አላት? ብር እጅህ ላይ ይቆያል ወይስ ይበተናል?»

ኦቻን ራሱን አከከና ሳቀ። «ይበተናል።»

«እንግዲያው ላንተ ቁጠባው ይሻልህ ይሆናል፤ እናየዋለን። መክፈል ሳታቋርጥ የምትችለው ስንት እንደሆነ ግን ሚስትህ ሳትሰማ አንወስንም። ነገ አብራችሁ ኑ።»

በማግስቱ ሁለቱም መጡ። ሚስቱ ሕፃን አዝላ፣ ጥያቄዎቿንም በልቧ ይዛ ነበር። ሰአዳ ንጹህ ወረቀት አውጥታ ሁለቱን ውል ጎን ለጎን ለመጻፍ መሃሉ ላይ መስመር አሰመረች።