ለሚሠሩ ተማሪዎች የጻፍኩት ምክር

ኮሌጅ በገባሁ በሦስተኛው የትምህርት ወቅት፣ በሦስተኛው ኩዋርተር፣ የትምህርት አማካሪዬ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። እየተማሩ በትርፍ ሰዓት ለሚሠሩ ተማሪዎች የሚሆን ምክር ነው፤ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥጋና አይብ እየቆረጥኩ እሸጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስት ኮርስ እማር ነበር።

“አንተ ሁለቱንም ይዘኸዋል” አለችኝ። “እንዴት እንደያዝከው ብቻ ንገራቸው።”

ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ከኦቴሎ ጣቢያ ባቡር ስሳፈር ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር መጻፍ ሳይሆን መልቀም ነበር። እዚህም እዚያም ድረ ገጽ እየከፈትኩ አሥር ነጥብ ሰበሰብኩ፦ በቀን ስምንት ሰዓት ተኙ፣ ቁርስ አትዝለሉ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥኑ። ሲያዩት ያምራል። ከባቡር ስወርድ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ከመላኬ በፊት ግን እትዬ እንዲያዩት ፈለግኩ። እትዬ ዘመዴ አይደሉም፤ የባዮሎጂ ላብራቶሪ ጓደኛዬ ናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። አገር ቤት ለብዙ ዓመታት የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። አሁን ማውንትሌክ ቴራስ የምትባል ከተማ እየኖሩ እዚያው አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚማሩት ደግሞ ነርስ ለመሆን ነው። በሌክቸሩና በላብራቶሪው መካከል ካፍቴሪያ ቁጭ ብለን ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

“አማርኛው ጥሩ ነው” አሉኝ። “ሶ፣ ስምንት ሰዓት ትተኛለህ?”

“አልተኛም።”

“ቁርስስ?”

“ባቡር ላይ ሙዝ እበላለሁ።”

“ስፖርት ትሠራለህ?”

“እሱንም አልሠራም።”

“ታዲያ ይሄን የጻፈው ማን ነው?” አሉኝ። ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ስልኬን ቀስ አድርገው ወደኔ ገፉት። “እኔ ብሆን የማነበው፣ አንድ ነገር አበላሽቶ እንዴት እንዳስተካከለው የሚነግረኝን ሰው ነው። አንተ ምንም አላበላሸህም?”

አበላሽቻለሁ፤ ለማንም ግን ነግሬ አላውቅም ነበር። ለሳቸው ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ኩዋርተር ላይ የሒሳብ የአጋማሽ ፈተና ነበረኝ። ቀኑ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጀምሮ የኮርሱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። የሥራ ስኬጁላችንም ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፋል፤ በዚህ ከተማ ትልልቅ ሱቆች እንዲህ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ፈተናው በሥራ ሰዓቴ ላይ እንደወደቀ አየሁ፤ አዲስ ሠራተኛ ስለነበርኩ ግን ሰነፍ እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ። ለአለቃዬ የነገርኳት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የሚተካኝ ሰው ፈልጋ አጣች። ሥራዬ እንዳበቃ ሽርጤን እንኳን ሳልፈታ ሮጬ ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ደረስኩና ግማሹን ጥያቄ ሳልነካው ወጣሁ።

“አለቃህ ምን አለች?”

“ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ችግር ነበረው አለችኝ።”

“ይሄንን ጻፍ።”

“ሰው ምን ይለኛል?”

“ምን ይላል? እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር ነዋ የሚለው።”

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። ኩዋርተሩ በጀመረ ቀን ከሁሉም ኮርስ የፈተና ቀኖችን አውጥተው አንድ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ፎቶ ያነሱትና ስኬጁል ሳይወጣ ለአለቃቸው ይልካሉ። “ኩዋርተር አሥር ሳምንት ምናምን ነው” አሉኝ። “ነገ እነግራለሁ ስትል ያልቃል። ቀድሞ የተነገረ ነገር ደግሞ አያጣላም።” ሥራ ላይ ሆነው ግን መጽሐፍ አይገልጡም። “ሞክሬው ነበር። የምንከባከባቸው አሮጊት ይጠሩኛል፣ እኔ መጽሐፍ ላይ የአጥንት ስም እቆጥራለሁ። ትምህርቱንም ሥራውንም ሰረቅኳቸው። አሁን የማጠናው ባቡር ላይ ነው።”

አሥሩን ነጥብ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። የሒሳቡን ፈተና ከነሽርጡ፣ የእትዬን ወረቀት እሳቸውን አስፈቅጄ፣ ከባቡር መስመሩ አጠገብ ሥራ መፈለግ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ አስገባሁ። ኮርስ ድሮፕ አድርጋችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ጠይቁ፣ ክሬዲቱ ሲያንስ ድጋፉም ሊቀንስ ይችላል የሚልም ጨመርኩ። አማካሪዬ ወደደችው፤ ሰኞ ዕለት ወጣ።

ረቡዕ ላይብረሪ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶዬ አውቃኝ ወደኔ መጣች። ከአገር ቤት ለትምህርት ከመጣች ሁለት ወሯ ነው።

“ጽሑፉን አነበብኩት” አለችኝ። “ከባቡር መስመሩ አጠገብ ሥራ ፈልጉ ስላልክ አንድ ሱቅ አመለከትኩ። ነገ ኢንተርቪው አለኝ። ፎርሙ ላይ ግን የሥራ ፈቃድ የሚል አለ። ምን ብዬ ልሙላው?”

“በምን መጣሽ?”

“በተማሪ ቪዛ።”

እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው፤ ልሥራ አልሥራ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አማርኛ የሚያነበው ሁሉ እንደኔ የመጣ መስሎኝ ነበር።

“አላውቅም” አልኳት። “የሚያውቅ ቢሮ ግን አለ። ነይ እንሂድ።”

የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አብረን ሄድን። እዚያ ያለችው ሴት ረጋ ብላ አስረዳችን። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ መሥራት ይችላል፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግን በሳምንት ከሃያ ሰዓት አይበልጥም። ያለ ልዩ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ከሠራ ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ልጅቷ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሱቁን ኮል አድርጋ ቀጠሮውን ሰረዘች።

“ይቅርታ” አልኳት። “እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።”

“ጎረቤቴም ሂጂና ተቀጠሪ ብላኝ ነበር” አለችኝ። “እሷን ብቻ ብሰማ ኖሮ ማንን እጠይቅ ነበር? አንተን ያገኘሁህ ስለጻፍክ ነው።”

የዚያኑ ቀን ከአማካሪዬ ጋር ተቀምጠን ጽሑፉን አስተካከልን። እሷም ሳታስተውለው አንብባ እንዳለፈችው ነገረችኝና በቁጭት አንገቷን ነቀነቀች። የመጀመሪያው መስመር አሁን እንዲህ ይላል፦ “በተማሪ ቪዛ ከመጣችሁ ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ።” ልጅቷ ከሳምንታት በኋላ እዚያው ላይብረሪ ሥራ አገኘች። የተመለሱ መጻሕፍትን በጋሪ እየገፋች መደርደሪያቸው ላይ ትመልሳለች። ሳልፍ በአገጯ ሰላም ትለኛለች፤ ዝም ማለት ግዴታ ነው።

እትዬ የታረመውን ሲያነቡ ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። “አሁን ያንተ ሆነ” አሉኝና የላብራቶሪው ክፍል እንዳይረፍድብን አስነሱኝ።

ከጽሑፉ ሥር አስተያየት መምጣቱን አላቆመም። አብዛኛው ምስጋና ነው። በዚህ ሳምንት ግን ራቅ ባለችው ታኮማ ከተማ ወደብ አካባቢ የሚሠራ አንድ ተማሪ ጻፈልኝ። “የባቡሩ ምክር ለኛ አይሆንም። ባቡሩ ከዚህ ተነስቶ ኮሌጁ ድረስ አይሄድም፤ እኔ ሁለት አውቶቡስ ነው የምቀያይረው” ይላል። ልክ ነው። ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ ተምሬ ስለማላውቅ ምን ብዬ እንደምመክረው ጠፋኝ። ለአማካሪዬ አሳየኋትና ተስማማን፤ ከዚያ መልስ ጻፍኩለት። “ኦኬ፣ ልክ ነህ። ያንን ክፍል አንተ ጻፈው፤ እኛ እናስገባዋለን።”

ትናንት ላከው። አውቶቡሱ ሲዘገይ ለአስተማሪው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሁሉ አለበት። አንድ ቃል አልነካሁበትም።