ቀንዎ ሐሙስ ነው

የካርድ ክፍሉን ሰውዬ ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ጋሼ ፋይል» ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመዝገብ አያያዝ ተምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መስኮት ኋላ ተቀምጧል። ካርድ ጠፋበት የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሚስቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቱ ሲገባ ሬዲዮ ይከፍታል። የሚሰማው ወሬውን አይደለም፤ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰው ያናግረዋል፤ ግን ቁጥር ነው የሚነግሩት። ቁጥር ሳይሆን ነገር የምታወራው አንዲት ታካሚ ብቻ ነበረች። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆና ያረጀች፣ አንገቷ ላይ ያለውን እንቅርት በሻርፕ የምትሸፍን፣ ቀጭን ሴት። በየሁለት ወሩ ሐሙስ ሐሙስ ለታይሮይድ ክትትል ትመጣለች። ካርዷ እስኪወጣ ድረስ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታነባለች።

«ጋሼ ፋይል፣ ‹ተራዎን ይጠብቁ› ውስጥ ያለው ‹ይጠብቁ› ስንት ዓመት ነው?»

«እንደ ሰዉ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ‹ዕድሜዎን ይጠብቁ› ይበሉት፤ ቢያንስ ሰው ተዘጋጅቶ ይመጣል።»

እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ እንዲህ ስትል ሰልፉ በሙሉ ይስቃል። እሱ ማታ ሬዲዮውን ሲከፍት ያንኑ ደግሞ ለብቻው ይስቃል።

ባለፈው ዓርብ ግን ያለ ቀኗ መጣች። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ድምጿ ሻክሯል።

«ጉሮሮዬን አሞኛል። ኪኒኑን ሲሰጡኝ፣ ጉሮሮ ካመመሽ ወይ ካተኮሰሽ ኪኒኑን አቁመሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ደምሽን ተመርመሪ ብለውኛል። አቁሜ መጥቻለሁ።»

እሱ የቀጠሮ ደብተሩን አየ። የክትትሉ ሐኪም ዓርብ የለም። መመሪያው ደግሞ ያለ ቀጠሮ ካርድ አይውጣ ይላል። «እትዬ፣ ቀንዎ ሐሙስ ነው» አላት። አልተከራከረችም። «እሺ፤ ሐሙስ» ብላ ሻርፗን አጠበቀችና ሄደች።

ረቡዕ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት መስኮቱ ላይ ደረሰች። «ድንገተኛ ክፍል ካርድ አምጪ ብለውኝ ነው። የእኛ ተከራይ ናቸው፤ ቁጥራቸውን አላውቅም፤ የአባታቸውንም ስም አላውቅም።»

«ምን ይመስላሉ?»

«ቀጭን ናቸው። አንገታቸው እዚህ ጋ...» ብላ በእጇ አሳየችው።

እሱ ቀጥሎ አልጠየቀም። መደርደሪያው ጋ ሄዶ ቁጥሩን ሳያይ ካርዱን መዘዘ። ካርድ የሚያደርስ ተላላኪ እያለ፣ መስኮቱን ዘግቶ ራሱ ይዞ ወረደ።

አራሚዋ አልጋው ላይ አንሶላውን እየጎተተች ልትነሳ ትታገላለች። ፊቷ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ዓይኖቿ የሚያዩት ጣሪያውን ነው። ወለሉ ላይ ያስመለሰችው ገና አልተጠረገም። አሮጊቷ ነርስ፣ ሲስተር የሚሏት፣ ቴርሞሜትሩን እያነበበች «ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ምቷ መቶ ሃምሳ ሁለት» አለች።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ካርዱን ገለጠች። «የቆየ የታይሮይድ ሕመም። የዛሬ ሁለት ወርም ሆርሞናቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር፣ ምታቸው መቶ ሃያ ስምንት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ። ያኔም አሁንም ያው አንድ ነገር ነው። አሁን ቀኝ ሳንባቸው ላይ ምች ተጨምሯል። አንቲባዮቲክ እንጀምርና ነገ ክትትላቸው ላይ ይታዩ።»

«ይቀባጥራሉ እኮ» አለች ሲስተር።

«የታይሮይድ ሰው መቼ አርፎ ይተኛል? ትኩሳትም አለ።» ሐኪሟ ወደ አከራይዋ ልጅ ዞረች። «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«እኔ እንጃ። ከገቡ ሦስት ወራቸው ነው፤ ሰላም ከመባባል በቀር አናወራም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተቅማጥ ይዟቸው ነበር መሰለኝ፤ ሽንት ቤት ይመላለሱ ነበር።»

«ሌላ የሚያውቃቸው ሰው የለም?»

ጋሼ ፋይል የካርዱን ክር በጣቱ እየጠመዘዘ ቆሟል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራው ካርድ ማቀበል ነው፤ አቀብሏል። ግን እግሩ አልንቀሳቀስም አለው።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አለ።

«ዘመድዎ ናቸው?»

«አይደሉም። ስምንት ዓመት ካርዳቸውን አውጥቻለሁ። ዶክተር፣ እኚህ ሴትዮ አይቀባጥሩም። ያ በካርዱ ላይ የተጻፈ ቀን፣ ምታቸው መቶ ሃያ ስምንት የነበረ ቀን፣ በእግራቸው መጥተው ማስታወቂያዬ ላይ ሁለት ስሕተት ነቅሰውብኛል።»

ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። «እትዬ። ጋሼ ፋይል ነኝ።»

አየችው፤ አላወቀችውም። «መስመሩ ተዘሏል» አለች፣ በቁጣ። «ገጹን መልሱት። ውሃው ገጹ ላይ ገባ።»

ሐኪሟ ካርዱን አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ጠየቀቻት፣ ያለችበትን ጠየቀቻት። መልሱ ሁሉ ስለ ውሃና ስለ ገጽ ሆነ። ሐኪሟ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ትኩሳቱን፣ ምቱን፣ የአእምሮውን መዛባት፣ ማስመለሱንና ተቅማጡን፣ ቀስቃሽ የሆነውን ምች።

«አርባ አምስት ነጥብ ሲሞላ ይበቃ ነበር፤ እኔ ዘጠና ደርሻለሁ» አለች። ድምጿ ተቀይሯል። «ሲስተር፣ ይሄ ተራ የታይሮይድ መብዛት አይደለም። ስቶርም ነው። ማዕበሉ።»

«የሆርሞኑን ውጤት እንጠብቅ?»

«አንጠብቅም። ቢመጣም የሚለው የዛሬ ሁለት ወር ያለውን ነው። በቁጥር አይለይም። ያኔ ሰውነታቸው ችሎት ነበር፤ አሁን አቅቶታል። ልዩነቱ ያ ነው፤ የሚታየው ደግሞ ሰው ላይ እንጂ ወረቀት ላይ አይደለም። አስም አለባቸው?»

ጥያቄው ለእሱ ነበር። «የለባቸውም። የልብ ድካምም አልተመዘገበም» አለ ካርዱን ሳያይ።

ሐኪሟ ሳንባዋን ደግማ አዳመጠች፤ እግሯን ተጭና አየች። ልቧ እንዳልደከመ ስታረጋግጥ ምቱን የሚያበርደውን ፕሮፕራኖሎል አዘዘች፤ በደም ሥር ከሚሰጥ ፈሳሽ ጋር ሰውነቷን የሚደግፍ ሃይድሮኮርቲዞን፣ አንቲባዮቲክ፣ እርጥብ ጨርቅ። ሲስተር ለትኩሳቱ የኪኒን ሣጥን ስታነሳ «አስፕሪን እንዳይሆን!» አለቻት። «ደም ውስጥ የታሰረውን ሆርሞን ይፈታዋል። ፓራሲታሞል።»

ከዚያ ሐኪሟ የአከራይዋ ልጅ ይዛ የመጣችውን የላስቲክ ከረጢት ገለበጠች። የታይሮይዱ ኪኒን ነገ ማለቅ ሲገባው ጠርሙሱ ውስጥ ገና የሳምንት ያህል ቀርቷል።

«አቋርጠዋል። ለምን?»

መልሱን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሴትዮዋ ራሷን አታውቅም፤ ሰልፉ ውስጥ የነበረውም ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ያለ ቀጠሮ የመጣ ሰው በሱ ደብተር ላይ አይመዘገብም። ሠላሳ ዓመት ያለ እንከን የሠራበት መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸሽግለት ነገር አገኘ።

«ዓርብ ዕለት መጥተው ነበር» አለ። «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ኪኒኑን አቁሜ መጥቻለሁ፣ ደሜን እዩልኝ አሉኝ። ቀንዎ ሐሙስ ነው ብዬ መለስኳቸው። እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ጠርሙሱን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህን ባይነግሩኝ አሁኑኑ ኪኒኑን ልሰጣቸው ነበር» አለች። «ይሄ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ነጩን የደም ሕዋስ ይጨርሳል። የጉሮሮው ሕመም ከዚያ ከሆነ የምሰጣቸው መድኃኒት ይገድላቸዋል። ካልሆነ ደግሞ ካልሰጠኋቸው ማዕበሉ ይገድላቸዋል። ደሙን ይዘው ላቦራቶሪ ይሩጡ፤ ውጤቱን በእጅዎ ይዘው ይምጡ።»

ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነው፤ ሮጠ። ማሽኑ ወረቀቱን እስኪተፋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ የታመመች ጊዜም እንዲህ ያለ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ያኔ የሚሮጥበት ነገር አልነበረውም።

ነጭ ሕዋስ፣ አሥራ ሦስት ሺህ አራት መቶ።

«ምቹን እየተዋጋ ነው» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ። «መድኃኒቱ አልነካውም። ተመስገን።» በአራሚዋ አፍንጫ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገቡ። ሲስተር አሥራ ሁለት ኪኒን ፈጭታ፣ በውሃ በጥብጣ አወረደችው። ወዲያው የአዮዲኑን ጠብታ ብልቃጥ አነሳች።

«ገና! አንድ ሰዓት» አለች ሐኪሟ። «ኪኒኑ መጀመሪያ የሆርሞኑን ፋብሪካ ይዝጋው። አሁን አዮዲን ብንሰጥ ጥሬ ዕቃ እያቀበልነው ነው። በኋላ ግን ያለቀው ዕቃ እንዳይወጣ በሩን ይቆልፍልናል። ሰዓቱን ማን ይይዛል?»

«ጋሼ ፋይል ይያዝ፤ እሱ እንደሆን ደቂቃ አያስተርፍም» አለች ሲስተር። ቀልድ ነበር፤ የሳቀ አልነበረም።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን አንድ ሰዓት ጨርቁን እየነከረ፣ እየጨመቀ፣ ግንባሯ ላይ እያደረገ አሳለፈው። እሷ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለማያውቀው ገጽ ትከራከራለች። አንዴ እጁን ያዘችው፤ ደስ ሊለው ሲል እርሳስ ፈልጋ እንደሆነ ገባው። ከአልጋው ወዲህ እሱ ብቻውን፣ ከአልጋው ወዲያ እሷ ብቻዋን፣ መሃል ላይ የሚንጣጣ የምት ማሽን። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ሲሆን «ደረሰ» አለ። ጠብታው ተሰጠ፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዷት። የመግቢያው ቅጽ ላይ ተጠሪ በሚለው መስመር ስሙን ጻፈ። ዝምድና በሚለው ላይ ግን ብዙ አሰበና «የካርድ ክፍል ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ እውነት አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ ያለችበትንም ቀን አወቀች። በአሥራ አንደኛው ቀን የእህቷ ልጅ ከሩቅ ከተማ መጣች። ሐኪሞቹ ለብቻዋ ባትኖር ይሻላል ብለው ስለነበር ይዛት ልትሄድ ነው። ጋሼ ፋይል የዝውውር ወረቀቱን ሊያስፈርም ወጣ።

አራሚዋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ግማሽ ሆናለች።

«ሐሙስ ነው ያሉኝ እርስዎ ኖረዋል» አለችው። «ሲስተር ነገረችኝ። እኔ እኮ ያን ሳምንት ጨርሶ አላስታውሰውም።»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ቀጥሎ ያለውንም ነገረችኝ። ሁለቱንም እኩል ሰማሁ።» ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ፈረመች። «ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ደስ ይልዎት ነበር። ግን ገና አላሰብኩበትም። ለማሰብም ጉልበት የለኝም።»

«አይቸኩሉ።»

«የሚቸኩል ነገር አልቀረኝም። ሌላው ሰው ላይ ግን እንዳይደግሙት።»

«መመሪያው ተቀይሯል። ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ጉሮሮዬን ካለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ነው።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ መስኮቱ ዞረች። የእህቷ ልጅ ጫማ ልታደርግላት ስትጎነብስ እሱ ወጣ።

ከሁለት ወር በኋላ ከዚያኛው ሆስፒታል የመልስ ወረቀት መጣ። ታካሚዋ እንደደረሱ፣ ሆርሞናቸው እየወረደ እንደሆነ፣ እንቅርቱን ለማውጣት ቀጠሮ እንደተያዘላቸው ይላል። የሐኪም ፊርማና ማኅተም አለው። ከእሷ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። ቀኑን ጻፈበትና ካርዷ ውስጥ ከተተው።