አሊያባ ሰው አልነበረም፦ እትዬ ዘሀራን ለምታውቁ ሁሉ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ከሦስት ትውልድ በላይ ያዋለዱት እትዬ ዘሀራ ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ በቤታቸው አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ስንቶቻችን በእጃቸው እንደተወለድን ሰዎች ሲጠያየቁ ሰማሁ። እኔ በእጃቸው አልተወለድሁም። ቢሆንም ማን እንደሆንሁ የማውቀው በእሳቸው ነውና፣ ይህንን ለመጻፍ ከሌላው ያነሰ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ሳልሆን አልቀርም። መንደራቸው ተቃጥሎባቸው የሚሸሹ ሰዎች ጀውሃ ወንዝ አጠገብ ብቻዬን አግኝተውኝ ሮቢት አደረሱኝ። ማናቸውም አያውቁኝም ነበር። ስሜን ስጠየቅ «ሚጡ» እላለሁ፤ የአባቴን ስም ስጠየቅ ደግሞ «አሊያባ»። ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖር ስተኛ ለራሴ የማንጎራጉረው የእሹሩሩ ቁርጥራጭ ነው። እትዬ ዘሀራ ያን ጊዜ ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር እኔን ወሰዱ።

«አሊያባ» ሲባል ሰዉ ሁሉ አባቷ አሊ የሚባል ሰው ነው አለ። ከቀወት እስከ ጀውሃ ልጅ የጠፋበት አሊ ተፈለገ። ሁለት አሊዎች መጥተው አይተውኝ እያዘኑ ተመለሱ። ጎረቤቶች ልጅቷ የእስላም ልጅ መሆኗ ስለታወቀ እንደ ልጅዎ ያሳድጓት ብለው መከሯቸው። እሳቸው ግን ሥጋ በቤታቸው ሲሠራ ለእኔ ሽሮ ለብቻ ይሠሩልኝ ነበር። «እናቷ በሕይወት ካለች የምትጠይቀኝ ይህንን ነው። የማንን እርድ እንደምትበላ ሳላውቅ በአፏ ሥጋ አላደርግም» ይሉ ነበር።

የእሹሩሩዬ ቁርጥራጭ ሦስት ነበር፦ «ወርዷል አሊያባ»፣ «ፀሐይ ስትገባ»፣ «የማሽላ እሸት ጠብሼለት»። እትዬ ዘሀራ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ጆሯቸው ግን የሰማውን አይጥልም። ሥራቸው ደግሞ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ጓዳ ያስገባቸዋል። አራስ በጠየቁ ቁጥር ልጁን በምን እንደሚያስተኙት ያዳምጡ ጀመር። ቀድመው የእኔን አያሰሙም፤ ካሰሟቸው ሴቶቹ እሱኑ መልሰው እንደሚሏቸው ያውቃሉ። ከተዘፈነላቸው በኋላ አንድ ነገር ሳይጠይቁ አይወጡም፦ ከማን ተማርሽው? እሷስ የት አገር ተወልዳ ነው እዚህ የተዳረችው? ሙሽራ እሹሩሩዋን ከእናቷ ቤት ይዛ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ዘፈኑ የሚቆጠረው ለተዘፈነበት ቤት ሳይሆን ለሙሽራዪቱ እናት አገር ነው።

ሮቢት ላይ ሴቶች የሚሉት እንዲህ ነበር፦

«አባትሽ ሄዷል ሮቢት ገበያ፣
ጨው ይዞ ይመጣል ፀሐይ ስትገባ።»

የጀውሃ ሴቶች በሮቢት ፈንታ ጀውሃን ይጠራሉ፤ ዜማው ያው ነው። እትዬ ዘሀራ ግን ቤት እንደማይመታ ልብ አሉ። «ስትገባ» የሚለው ቆሞ የቀረ ስለሆነ ከላዩ የነበረው ስም በ«ባ» የሚያልቅ መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ በሚሄድበት በራሱ ገበያ ስም ለውጦት ነው አሉ። አንድ ቀን ከአፋር ዳርቻ የተዳረች አራስ ልጇን ይዛ፦

«አባትሽ ወጥቷል አሊዩ አምባ፣
ጨው ይዞ ይመጣል ፀሐይ ስትገባ»

ስትል ሰሙ። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች ያለ የጨው ገበያ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ እኔ እደጃፉ ላይ ነበርሁ። አባትሽ ማን ነው ብለው እንደገና ጠየቁኝ፤ «አሊያባ» አልኋቸው። ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ አቀፉኝ። «ልጅቷ የሰማችውን ነው የነገረችን። አፏ ስላልጠና ነው የተጣመመው። እኛ ሰው ስንፈልግ ከረምን፤ እሷ አሊዩ አምባን፣ ገበያውን ነው የምትለን» ብለው ለጎረቤት ተናገሩ።

ከዚያ የቀረውን እየተነተኑ ሲያስረዱኝ በልጅነቴ ያልገባኝ አድጌ ገባኝ። የአፋሯ አራስ «ወጥቷል» ያለችው ገበያው ከአገሯ በላይ ስለሆነ ነው። እኔ «ወርዷል» እላለሁ፤ ስለዚህ የእናቴ ቤት ከአሊዩ አምባ በላይ ነው። ነገር ግን የደጋዎቹ ሴቶች፣ የደብረ ሲናዋም የአንኮበሯም፣ እዚያው ቦታ ላይ «የገብስ ቆሎ ቆልቼለት» ይላሉ። የእኔ ግን ማሽላ ነው። ከገበያው በላይ ሆኖ ገና ማሽላ የሚበቅልበት አገር ደግሞ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ያለ ቀጭን መሬት ብቻ ነው።

ይህ ወሬ በገበያ ሲዞር አንዲት ሴት ልጄ ናት ብላ መጣች። ሴት ልጇንም ቤቷንም ያጣች ነበረች። ሰው በተሰበሰበበት ሦስቱንም ቁራጭ እያለቀሰች ዘፈነች፤ ሁሉም ተላቀሰ። እትዬ ዘሀራ ብቻ ቃሏን ያዳምጡ ነበር። ሴትዮዋ «ወርዷል አሊያባ» ነበር ያለችው። እናቴ ብትሆን ገበያውን በስሙ ትጠራው ነበር፤ ያ ስህተት የእኔ አፍ ነውና ዘፈኑን ከእኔ ወሬ ነው የሰማችው። በሰው ፊት አላሳፈሯትም። እጇን ይዘው ጓዳ አስገቧትና ለብቻቸው ተነጋገሩ። ወጥታ ስማኝ ሄደች። ሌላ ሰው ቢሆን ሌባ ብሎ ያባርራት ነበር፤ እሳቸው ግን ከወር በኋላ ልከው አስጠሯትና ማዋለድ አስተማሯት። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው እትዬ ፋጡማ እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም የጻፍሁት ራሳቸው ጻፊው ስላሉኝ ነው።

የይለፍ ወረቀት እስኪገኝ ሁለት ወር ጠበቅን። ከዚያ ጭነት ከሚነዱ የሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተነሥተን በየኬላው እየተፈተሽን በሦስተኛው ቀን አሊዩ አምባ ደረስን። ገበያው መሐል እኔን ከጭነቱ ኋላ አስቀምጠው፣ ከቁልቁለቱ የወረዱ ሴቶችን እየዞሩ ልጆቻችሁን በምን ታስተኛላችሁ ይሏቸው ጀመር። ሰዎች ሳቁባቸው። ከሰዓት በኋላ ጌሾ የምትሸጥ አንዲት ወጣት ዘፈነችላቸው፤ ገበያውን በሙሉ ስሙ ጠርታ፣ ወርዷል ብላ፣ ማሽላውን ብላ፣ እኔ የማላስታውሰውን ጨመረች፦

«የማሽላ እሸት ጠብሼለት፣
ተኚ እስኪመጣ እኔ ልንቃለት።»

እትዬ ዘሀራ ከማን ተማርሽው እንዳሉ ነው የተነገረኝ። እኔ ግን መልሱን አልጠበቅሁም። ከጭነቱ ኋላ ወጥቼ ሄጄ ጭኗ ላይ ተኛሁ።

የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች። ከጆሮዬ ኋላ ያለውን የእሳት ጠባሳ ሳታይ ነገረቻቸው። እናቴ ከመንደሩ እንደሸሸች በወባ መንገድ ላይ ሞታለች፤ አባቴ ከአርበኞች ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። ስሜ አስካለ ነው። ክርስቲያን ነኝ። በዚያ ምሽት አክስቴ ቤት ሥጋ ቀረበልኝ፤ እትዬ ዘሀራ ቆሎ እየቆረጠሙ እኔ ስበላ ተመለከቱ። በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ሮቢት ወረዱ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በየዓመቱ እየወረድሁ ከእሳቸው ጋር እከርም ነበር፤ ኋላም ትዳሬ ሮቢት ሆነ።

እትዬ ዘሀራ፣ በቤትዎ በነበርሁበት ጊዜ ሁሉ እማዬ ብዬ እንድጠራዎት አልፈቀዱልኝም። «እሱ ስም ባለቤት አለው፤ እስክትመጣ እኔ ጠባቂ ነኝ» ይሉኝ ነበር። መሞቷን ከሰማን በኋላም አልፈቀዱም፤ እኔም ቃልዎን መድፈር አልቻልሁም። አሁን ግን የስሙ ባለቤት ጋ ደርሰዋል። ፈቃዷን እዚያው ይጠይቁልኝ፤ እንደማትነፍግዎ አውቃለሁ። እማዬ፣ በሰላም ይረፉ።