እስከ ሰኔ ሚካኤል ይስተካከል

ጸጸራት ሰፈር የምናሠራው ቤት አለቀ ተብሎ ለርክክብ ስጠራ፣ ባልዲና ማንኪያ ይዤ ሄድኩ። ጦርነቱ አልቆ ነጻነት ከመጣ ብዙም አልቆየም። ባሌ ምጽዋ ወደብ ስለሚሠራ መረከቡ የእኔ ፈንታ ሆነ። የተከራየነውን ቤት ባለቤቶቹ ከስደት ተመልሰው ይፈልጉታል፤ ክረምቱ ሳይገባ መግባት አለብን።

ሠሪው ከሜዳ የገባ ታጋይ ነው፣ ሳቂታ። በማንኪያዬ ወለሉን ኳ ኳ ሳደርግ ከማቶኔላዎቹ፣ ከወለሉ ንጣፎች፣ አንዳንዱ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ባኞ ቤቱ ውስጥ ባልዲዬን ብደፋ፣ ውሃው መውረጃውን ትቶ ወደ መኝታ ቤት ጉዞ ጀመረ። የባኞው በር ሲከፈት ከሽንት ቤት መቀመጫው ጋር ይጋጫል። የባሰው ደግሞ ጣራው፦ ጠፍጣፋ ነው፣ የዝናብ መውረጃው ቱቦ ግን ከጣራው ወለል ከፍ ብሎ ተተክሏል። ክረምት ሲመጣ ኩሬ ልንሸከም ነው።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉድለቱን ሁሉ ክፍል በክፍል ዘርዝሬ፣ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልተስተካከለ ርክክቡን አልፈርምም» አልኩ። ንዴቴ ስላልበረደ «ይህን በር የገጠመ ሰው ዕውር መሆን አለበት» ብዬ ጨመርኩበት።

ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት የአማርኛ ጋዜጣ ነውና፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚቀናኝ በአማርኛ ነው። ሠሪው የተማረው ግን ሜዳ፣ በትግርኛ ነው። ደብዳቤውን ወስጄ ስሰጠው አገላበጠው።

«ኣደይ፣ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቋንቋው ነው የማይገባኝ። ያንብቡልኝ» አለኝ፣ እንደ እናቱ ቆጥሮኝ።

ወረቀት ላይ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ዓይኑን እያየሁ ወደ ትግርኛ እየመለስኩ አነበብኩለትና መጨረሻዋን መስመር ዘለልኳት።

«ይኸው ነው።»

«ኣይፋል፣ የለም!» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ይቺ ዕውር የምትለዋስ? በእኛም ዕውር ዕውር ናት።»

ፊቴ ጋለ። ምን ላድርግ፣ እሷንም አነበብኩለት። በሳቅ ፈረሰ።

«እውነትዎን ነው ኣደይ! ሜዳ የሠራሁት ሁሉ የመሬት ውስጥ ቤት ነው። በሩ ብርድ ልብስ ነበር። ባኞማ አይነሣ!»

«የዝናቡስ?»

«ሜዳችን ሳሕል መቼ ዘነበና!»

እየሳቀ ለራሴ ባስቀረሁት ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ፈረመልኝ።

በማግስቱ ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። የባኞውን ወለል አፍርሰው ወደ መውረጃው አዘንብለው አነጠፉት፤ በሩን ወደ ውጭ አዞሩት፤ ባዶ የሚጮኹትን ነቅለው ተኩ። የጣራውን ቱቦ ዝቅ አድርገው ልስኑን ወደ እሱ አጋደሉት።

የሚካኤል ዋዜማ ሰማዩ ጠቆረ። እሱ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ ጣራ ላይ ወጣ፣ እኔ ግቢ ቆሜ አንጋጠጥኩ።

«ልልቀቀው?»

«ልቀቀው!»

ውሃው በቱቦው ተንደርድሮ ወጥቶ ነጠላዬን አራሰው። እልልታዬ ጎረቤቱን በር ላይ አወጣ። እንደበሰበስኩ ርክክቡን ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ዕውር የምትለዋን።»

«ወጥታለች፣ ወደይ፣ ልጄ» አልኩት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ከኪራይ ቤቱ የመጣውን አልጋዬን እኔና እሱ ጫፍና ጫፍ ይዘን ወደ አዲሱ ቤት እያስገባን ነበር።